ክፍያው ሲቆም ፎቶው የት ይሄዳል?

በየወሩ ከካርድ ላይ የምትቆረጥ አንድ ሁለት ዶላር ብዙም ትዝ አትልም። ትዝ የምትለው ካርዱ ጊዜው አልፎበት ክፍያው አልሄድ ሲል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድም ደውሎ «ካርዴን ቀይሬያለሁ፣ ያንን የጉግል ክፍያ ከአሁን በኋላ አልቻልኩም» ሲል ነው። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፎቶዎቼ ጠፉ ማለት ነው?

አልጠፉም፤ ቢያንስ በዚያ ቀን አይጠፉም። ትላልቆቹ የክላውድ ማከማቻ አገልግሎቶች ክፍያ በተቋረጠ ማግስት የሰው ፋይል አይሰርዙም። ችግር የሚፈጠረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ሰው ስልኩን ከፍቶ የልጁን የክርስትና ፎቶ እንደነበረ ሲያገኘው ይረጋጋል፤ ነገሩንም ይረሳዋል። በዚህ መሀል ግን ሌላ ነገር ቆሟል፣ አንድ ቀነ ገደብም መቆጠር ጀምሯል። ምን እንደቆመና ምን እየተቆጠረ እንደሆነ ያወቀ ሰው ንብረቱን ሳይቸኩል ያወጣል፤ ያላወቀው ደግሞ አንዳንዴ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። በአገራችን አብዛኛው ስማርት ስልክ አንድሮይድ ስለሆነና የአንድሮይድ ፎቶም በአመዛኙ ወደ ጉግል ስለሚሄድ፣ ነገሩን በጉግል አካውንት እንየው።

ጉግል ለእያንዳንዱ አካውንት 15 ጊጋባይት ቦታ በነጻ ይሰጣል። ይህ ቦታ ለጂሜይል፣ ለጉግል ድራይቭና ለጉግል ፎቶስ የጋራ ነው። አንዱ ሲሞላ ሦስቱም ሞሉ ማለት ነው። ቀድሞ በነጻ ይታለፍ የነበረው የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ከዚሁ ቦታ ላይ ይቆጠራል። በየቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ የሚዘዋወረው ቪዲዮ ምን ያህል እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ለውጥ ብቻውን ስንቱን ሰው ከነጻው ወደ ሚከፈልበት ጥቅል እንዳስገባ መገመት አያቅተውም። የሚከፈልበት ጥቅል ጉግል ዋን ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው የ100 ጊጋባይቱን ነው።

አሁን አንዲት እናት እንውሰድ። የ100 ጊጋባይት ጥቅል አላት፤ ከዚያ ውስጥ የተጠቀመችው 62 ነው። ፎቶና ቪዲዮው 48፣ የዋትስአፕ ባክአፑ 5፣ ድራይቭ ላይ ያስቀመጠቻቸው ሰነዶች 6፣ ኢሜይሏ 3 ጊጋባይት ይዘዋል። ክፍያዋ በየወሩ በ12 ይቆረጣል። ወሩ በገባ በ20 ጥቅሉን ብታቋርጥ በዚያን ዕለት የሚለወጥ ነገር የለም፤ የከፈለችበት ወር እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከሚቀጥለው 12 ድረስ 100 ጊጋባይቷ የእሷ ነው። ይህች የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያላት ጊዜ ውድ ናት። ሁሉም ነገር እየሠራ ፋይሎቿን ማውጣት የምትችልባት ጊዜ ይህች ነች። ስለዚህ ማቋረጥ የሚፈልግ ሰው ክፍያው ሊቆረጥ ሲል ሳይሆን በተቆረጠ ማግስት ቢያቋርጥ ይሻለዋል፤ ሙሉ ወር በእጁ ይቀርለታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ማቋረጥ አይደለም። መተግበሪያው ቢጠፋም ክፍያው ይቀጥላል። ማቋረጥ የሚቻለው ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብቶ የክፍያና የሰብስክሪፕሽን ዝርዝሩን ከፍቶ፣ ከዚያ ላይ ጥቅሉን በመሰረዝ ነው።

ወሩ በ12 ሲያልቅ የእናትየዋ ቦታ ወደ 15 ጊጋባይት ይወርዳል። ያላት 62 ስለሆነ በ47 ጊጋባይት ከልክ በላይ ናት። ከዚህ በኋላ ያሉት ፋይሎች ይታያሉ፣ ይከፈታሉ፣ ዳውንሎድም ይደረጋሉ። አዲስ ነገር ግን አይገባም። ዛሬ ያነሳችው ፎቶ ስልኳ ላይ ብቻ ይቀራል። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ወይም ውሃ ቢገባው፣ ከ12 ወዲህ የተነሳው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የዋትስአፑ ባክአፕም አይታደስም፤ አዲስ ስልክ ገዝታ መልእክቶቿን ልትመልስ ብትሞክር የምታገኘው ክፍያው እስከቆመበት ጊዜ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ድራይቭ ላይ አዲስ ሰነድ መፍጠር አትችልም፤ ያሉትንም ማረም አትችልም። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የምትሠራበት የሒሳብ ሰንጠረዥ በእሷ አካውንት የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ እነሱም ማረም ያቅታቸዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ኢሜይሉ ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም እሱን ነው። ቦታው ከልክ ሲያልፍ ጂሜይል መላክም መቀበልም ያቆማል። የተላከላት ደብዳቤ የሆነ ቦታ ቆሞ አይጠብቃትም፤ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። እሷ ዘንድ ምንም ምልክት አይደርስም፣ ምክንያቱም ያልደረሰ ኢሜይል አይታይም። የስኮላርሺፕ መልስ ወይም የኤምባሲ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ሳጥኑ ጸጥ ሲልበት «ገና አልመለሱልኝም» ብሎ ይቀመጣል እንጂ ደብዳቤው መጥቶ እንደተመለሰ በምን ያውቃል? ስለ ፎቶ ብሎ ክፍያ ያቆመ ሰው የሥራ ዕድሉን ሊያጣ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ጥቅሉ ከማለቁ በፊት መጀመሪያ መታየት ያለበት ገጽ one.google.com/storage ነው የምለው። የትኛው አገልግሎት ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ለየብቻ ያሳያል። ድምሩ ከ15 በታች ከሆነ ክፍያ ቢቆምም የሚቋረጥ ነገር የለም።

ቀነ ገደቡ ደግሞ ይህ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት፣ አንድ አካውንት ለሁለት ዓመት በተከታታይ ከተፈቀደለት ቦታ በላይ ከሆነ በጂሜይል፣ በድራይቭና በፎቶስ ያለው ይዘት በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ጉግል ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት አሳውቃለሁ ይላል። «ሊሰረዝ ይችላል» ማለት ሁለት ዓመት በሞላ ማግስት ይሰረዛል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በኋላ ፋይሉ መኖሩ የኩባንያው ፈቃድ እንጂ የባለቤቱ መብት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ደንቦች ይምታታሉ። አንደኛው አሁን ያልነው ነው፦ ከልክ በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት መቆየት። ሌላኛው ለሁለት ዓመት ጨርሶ ያልተከፈተ አካውንት ነው፤ ጉግል እንዲህ ያሉትን የግል አካውንቶች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ መሰረዝ ይችላል። ስለ ሁለተኛው የሰማ ሰው «እኔ በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ ምን ይነካኛል» ይላል። በየቀኑ መክፈት ከሁለተኛው ደንብ ያድናል፣ ከአንደኛው ግን አያድንም። ከአንደኛው የሚያድነው ወይ ከ15 በታች መውረድ ነው፣ ወይ እንደገና መክፈል።

በገዛ እጅ የሚጠፋ ፎቶ

ከ15 በታች ልውረድ ብሎ የሚነሳ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ፎቶስን ይከፍትና ትላልቆቹን ቪዲዮዎች ይመርጣል፤ «ስልኬ ላይ አሉ፣ ከክላውዱ ብቻ ላጥፋቸው» ብሎ ይሰርዛል። ጉግል ፎቶስ ግን እንዲህ አይሠራም። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ከፎቶስ ውስጥ ሲሰረዝ ከአካውንቱም ከስልኩም ይጠፋል። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መመለስ ይቻላል። 60ው ቀን ካለፈ ግን አበቃ።

የተገላቢጦሹ አደጋ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፎቶስ ውስጥ «Free up space» የሚል ቁልፍ አለ። የስልኩ ማከማቻ ሲሞላ መተግበሪያው ራሱ ይህን ቁልፍ እንዲነኩ ይጋብዛል። ሲነካ ባክአፕ የተደረጉትን ፎቶዎች በሙሉ ከስልኩ ላይ ያነሳል። ከዚያ በኋላም ፎቶዎቹ በመተግበሪያው ውስጥ እንደ ድሮው መታየታቸውን ስለሚቀጥሉ ሰው ስልኩ ላይ ያሉ ይመስለዋል። የሉም፤ የሚመጡት ከጉግል ነው። ይህን ቁልፍ ባለፉት ዓመታት ሲነካ ለኖረ ሰው፣ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ቅጂ ያ ሊሰረዝ የሚችለው ቅጂ ነው። ማጣራት ቀላል ነው። ዋይፋዩንና ዳታውን ያጥፉና አንድ የቆየ ቪዲዮ ለማጫወት ይሞክሩ። ካልተጫወተ ስልኩ ላይ የለም።

በአይፎንም ተመሳሳይ ነገር አለ። «Optimize iPhone Storage» የሚለው ምርጫ ከበራ፣ ቦታ ሲጠብ ስልኩ ላይ የሚቀረው ትንሹ ምስል ነው፤ ዋናው አይክላውድ ላይ ነው። አይክላውድ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ክፍያ ያቆመ የአይፎን ባለቤት ከልክ በላይ የመሆን ዕድሉ ከአንድሮይዱ የሰፋ ነው። የአይፎኑ ባክአፕ መታደሱን ካቆመ ደግሞ አፕል የመጨረሻውን ባክአፕ የሚያቆየው ለ180 ቀን ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ነጻ ቦታም እንዲሁ 5 ጊጋባይት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ከጉግል ያጠረ ነው፦ ከልክ በላይ የሆነ አካውንት ለማየትና ዳውንሎድ ለማድረግ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ስድስት ወር ካለፈ ይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት አለኝ» የሚለው ሒሳብ የሚሠራው ለጉግል ብቻ ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ጉዳይ የሌላ ሰው ክፍያ ነው። ዛሬ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ በድራይቭ ሊንክ መላክ የተለመደ ሆኗል። ሙሽሮቹ ሊንኩን ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ ለዘመድ ያጋራሉ፣ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ አስቀምጠው «ፎቶአችን አለ» ይላሉ። ያ ፋይል ግን የእነሱ አይደለም። የባለስቱዲዮው አካውንት ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ቦታውም የሚቆጠረው በእሱ ላይ ነው። እሱ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ ለማስለቀቅ ቢሰርዘው፣ ወይም ጥቅሉን አቋርጦ አካውንቱ ቢጸዳ፣ ሊንኩ ባዶ ይሆናል። ድራይቭ ላይ አቋራጭ መጨመርም አይረዳም፤ አቋራጩ የሚያመለክተው ያንኑ የሌላ ሰው ፋይል ነው። የእናንተ የሚሆነው ዳውንሎድ ስታደርጉት ወይም በራሳችሁ ድራይቭ ላይ ቅጂ ስትሠሩ ነው፤ ቅጂው ደግሞ የራሳችሁን ቦታ ይይዛል። ሠርጋቸውን ደግሰው ለፎቶው የከፈሉ ሰዎች ሊንክ ብቻ ይዘው ሲቀሩ ማየት ያሳዝነኛል። ባለስቱዲዮው ሥራውን ሲያስረክብ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ እንዲሰጥ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ማውጣት

ወደ እናትየዋ እንመለስ። 48 ጊጋባይት ፎቶና ቪዲዮ አላት። ፎቶስን ከፍታ አንድ በአንድ ብታወርድ ወራት ይፈጅባታል። ጉግል ለዚህ የሠራው ቴክአውት የሚባል አገልግሎት አለ፤ አድራሻው takeout.google.com ነው። ከኮምፒውተር ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ገጹ ሲከፈት ሁሉም የጉግል አገልግሎቶች ተመርጠው ይገኛሉ። መጀመሪያ ሁሉንም ምርጫ ማንሳት፣ ቀጥሎ «Google Photos» የሚለውን ብቻ መምረጥ ነው። በውስጡ ፎቶዎቹ በየዓመቱ ተከፋፍለው ስለተቀመጡ፣ መጀመሪያ የ2019ን፣ ቀጥሎ የ2020ን እያሉ በዓመት በዓመት መውሰድ ይቻላል። ለእኛ ኢንተርኔት እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ከዚያ የፋይሉ መጠን ይጠየቃል። እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ምርጫ አለ። 50ን መምረጥ ያጓጓል፤ አንዴ አውርዶ መገላገል ይመስላል። በእናትየዋ ቤት ያለው መስመር በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን ሁሉንም ለማውረድ 21 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። በ20ኛው ሰዓት መብራት ከሄደ ምናልባት እንደገና ከዜሮ ነው። 2 ጊጋባይት ብትመርጥ ግን 24 ያህል ፋይሎች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የዚያ የአንዱ ልፋት ብቻ ነው። ፋይሉ ወዲያውኑ አይመጣም፤ ጉግል አዘጋጅቶ ሲጨርስ ሊንኩን በኢሜይል ይልካል፤ ዝግጅቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ሊንኩ የሚሠራው ለሳምንት ያህል ነው። ኢሜይሉ ታግዶ ሳለ የቴክአውት መልእክት እየጠበቁ መጨነቅ እንዳይመጣ ይህ ሁሉ ጥቅሉ ሳያልቅ ቢደረግ ይሻላል።

የወረዱትን ፋይሎች ከፍቶ ማየት የግድ ነው። ዚፑ አልከፈት ካለ በጎደሎ ወርዷል ማለት ነው፤ ሊንኩ ሳያልፍ ደግሞ ማውረድ ነው። ሲከፈት ከእያንዳንዱ ፎቶ አጠገብ በjson የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ይገኛል። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል፤ አያጥፉት። ፎቶው የተነሳበት ቀን እዚያ ውስጥ ተጽፏል፦

```
"photoTakenTime": {
  "timestamp": "1630486800"
}
```

ቁጥሩ ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች የሚቆጥር ነው፤ ይህኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021ን ያመለክታል። በካሜራ የተነሳ ፎቶ ቀኑን በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚሄድ ይህ ፋይል ባይኖርም ችግር የለውም። በዋትስአፕ የመጣ ፎቶ ግን ሲላክ ያ ውስጣዊ መረጃ ይራገፋል። ከእናትዎ በዋትስአፕ የደረሰዎት ፎቶ ያለዚህ ትንሽ ፋይል የወረደበትን ቀን ይዞ ቁጭ ይላል፤ የአሥር ዓመት ፎቶዎች ሁሉ የዛሬ መስለው ይደባለቃሉ። አልበም ሠርተው ከነበረ ደግሞ ያው ፎቶ በዓመቱም በአልበሙም ፎልደር ውስጥ በድጋሚ ሊመጣ ስለሚችል፣ የወረደው ድምር ከ48 ጊጋባይት ቢበልጥ አያስደንግጥ።

ሃርድ ዲስኩ ላይ መግባቱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው መሰረዝ የሚጀመረው። 47 ጊጋባይት ለማውረድ የድሮ ቪዲዮዎችን ማንሳት ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ ቪዲዮ ከፎቶ እጅግ የሚከብድ ነው። የዋትስአፕ ባክአፕ ቪዲዮ እንዳይጨምር በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ መዝጋትም ይቻላል። ድራይቭና ጂሜይል ላይ የተሰረዘው ቆሻሻ መጣያው እስኪጸዳ ድረስ ቦታ ይዞ ስለሚቆይ መጣያውን ባዶ ማድረግ አይርሱ። ፎቶዎቹን ሳይሰርዙ ጥራታቸውን ቀንሶ ቦታ የማስለቀቅ ምርጫም አለ፤ «Storage saver» ይባላል። ፎቶን ወደ 16 ሜጋፒክስል፣ ቪዲዮን ወደ 1080ፒ ያወርዳል። ለዕለት ተዕለት ፎቶ አይጎዳም፣ ነገር ግን ተመልሶ ወደ ነበረበት አይመጣም፤ ስለዚህ ዋናው ቅጂ ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው መሞከር ያለበት።

የኩባንያዎቹ ደንብ ራሱ እንደሚለወጥም መታወቅ አለበት። ፍሊከር የሚባለው የፎቶ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለነጻ ተጠቃሚዎች አንድ ቴራባይት ይሰጥ ነበር፤ ከአንድ ሺህ ጊጋባይት ጋር የሚቀራረብ ቦታ ነው። በ2018 ባለቤትነቱ ተቀየረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አካባቢ ነጻ አካውንት ከ1,000 ፎቶ በላይ መያዝ እንደማይችል፣ የተረፈውም እንደሚሰረዝ ተነገረ። ሰዎች ፎቶአቸውን እንዲያወጡ የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

ዘፈኑስ?

በሙዚቃ አገልግሎቶች ነገሩ ይለያል። እዚያ ያስቀመጡት ፋይል የለም፤ ያለዎት የዘፈኖች ስም ዝርዝር ነው። ስፖቲፋይን ብንወስድ፣ የሚከፈልበትን ጥቅል ሲያቋርጡ አካውንቱ ወደ ነጻው ይወርዳል። ፕሌይሊስቱም፣ የወደዷቸው ዘፈኖችም እንዳሉ ይቆያሉ፤ በማስታወቂያ እየተቆራረጡ ይሰማሉ። የሚጠፋው ያለ ኢንተርኔት ለመስማት ዳውንሎድ የተደረገው ነው። ያ ዳውንሎድ መጀመሪያውኑም የእርስዎ ፋይል አልነበረም። ከመተግበሪያው ውጭ የማይከፈት፣ የተቆለፈ ቅጂ ነው፤ ለሚከፍል ሰው እንኳ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ መጫወት ያቆማል። በዩቲዩብ ፕሪሚየምም እንዲሁ ዳውንሎዱ ይቆለፋል፤ ፕሌይሊስቱና የታየው ታሪክ ግን የጉግል አካውንቱ አካል ስለሆነ ይቀራል። አፕል ሙዚክ ግን ነጻ ደረጃ የለውም። ክፍያው ሲቆም ከካታሎጉ የጨመሯቸው ዘፈኖች አይጫወቱም፤ ዝርዝሩንም ቆይተው ሲመለሱ አገኘዋለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። በገንዘብ የተገዛ ዘፈን ብቻ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ በሙዚቃ ሊድን የሚገባው ዝርዝሩ ነው። ስፖቲፋይ በድረ ገጹ ላይ ባለው የግላዊነት ክፍል መረጃዎን እንዲልክልዎ ለመጠየቅ ያስችላል፤ ፕሌይሊስቶቹንና ያለፈውን አንድ ዓመት የመስማት ታሪክ አዘጋጅቶ በቀናት ውስጥ ይልካል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ሙሉ ታሪክ ከፈለጉ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እሱ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል።

ዝርዝርን ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላ የሚያዛውሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ለእንግሊዝኛ ዘፈን በደንብ ይሠራሉ። ለአገራችን ዘፈን ግን ጥንቃቄ ይሻል። መሣሪያዎቹ የሚያገናኙት በስም ነው፤ የእኛ ዘፋኞችና ዘፈኖች ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጋ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ጋ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። «ትዝታ»ን ስንት ድምጻዊ ስንት ጊዜ እንደዘፈነው አስቡት። መሣሪያው ስሙን አግኝቶ የሌላ ሰው «ትዝታ» ሊያመጣልዎ ይችላል፤ ወይም ጭራሹን አላገኘሁም ብሎ ይዘለዋል። ከተዛወረ በኋላ የድሮውን ዝርዝርና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት፣ የጎደለውን በእጅ መሙላት ያስፈልጋል። ይህም የድሮው አካውንት ገና ክፍት ሳለ ነው የሚሠራው።

የቀረው ታሪኩ ነው፤ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ መቼ እንደከፈቱ። ማቋረጥ ታሪክን አይሰርዝም። ኔትፍሊክስ ያቋረጠ ደንበኛ በአሥር ወር ውስጥ ከተመለሰ ፕሮፋይሉን፣ ያስቀመጣቸውን ፊልሞችና ያቆመበትን ቦታ እንደነበረ ያገኘዋል፤ ይህ ማለት ያ ሁሉ መረጃ ለአሥር ወር ኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል ማለት ነው። እንዲቀመጥ የማይፈልግ ሰው ካቋረጠ በኋላ አካውንቱ እንዲሰረዝ ለይቶ መጠየቅ አለበት። በጉግል በኩል ደግሞ የጥቅሉ ክፍያና ታሪኩ ምንም አይገናኙም። እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ ወዲህ የተከፈቱ አካውንቶች የፍለጋ ታሪክን በ18 ወር፣ የዩቲዩብ ታሪክን በ36 ወር በራሳቸው እንዲያጠፉ ተደርገው ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት የተከፈተ አካውንት ግን ባለቤቱ ራሱ myactivity.google.com ላይ ገብቶ ጊዜ ካልወሰነለት፣ ከዓመታት በፊት የፈለገውና ያየው ሁሉ ክፍያው ኖረም ቀረም እዚያው ይቆያል።